ከ8 ሰዓት በኋላ ማለት መቼ ነው?



መድኃኒት ተገዝቶ ቤት ሲገባ በየቤታችን የሚሠራ አንድ ሥራ አለ። ስልክ የያዘው ልጅ ፖስታውንና ስትሪፑን ፎቶ ያነሣል፤ ወይም ሌላ ከተማ ያለ ዘመድ «አንሥታችሁ ላኩልኝ» ይላል። ከዚያ ጽሑፉ ከፎቶው ላይ እየተነበበ የመዋጫ ሰዓት በወረቀት ይወጣል፣ ስልክ ላይም አላርም ይሞላል። ይህን የሚሠራው ሰው ብዙውን ጊዜ የሕክምና ትምህርት የለውም፤ ማንበብና መጻፍ ግን ይችላል፣ ለታማሚውም ያስብለታል። እኔም ሥራውን ተዉት ልል አልመጣሁም። የማሳስበው አንድ ነገር ነው። በወረቀቱ ላይ የሰፈረው ሰዓት ከመድኃኒቱ ላይ የተነበበ ይመስላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን አንባቢው ከራሱ የጨመረው ነው። የተነበበውና የተጨመረው በአንድ ዓይነት ጽሑፍ ጎን ለጎን ከተቀመጡ በኋላ ማንም ሊለያቸው አይችልም። ስለዚህ ወረቀቱ ሲዘጋጅ ጀምሮ የተጨመረው ምልክት ተደርጎበት፣ ፋርማሲስት አይቶ የሚያጸድቀው ሆኖ መቅረብ አለበት እላለሁ።

ነገሩን በአንድ መድኃኒት ልከተለው። በተለምዶ ኳርተም የምንለው የወባ መድኃኒት አርቲሜተርና ሉሜፋንትሪን የሚባሉ ሁለት መድኃኒቶችን በአንድ ኪኒን የያዘ ነው። ኢትዮጵያ ፋልሲፓረም ለሚባለው የወባ ዓይነት ቀዳሚ ሕክምና አድርጋ የተቀበለችው በፈረንጆቹ 2004 ነው፤ ስለዚህ ፖስታው በብዙ ቤት ገብቷል። ክብደቷ ከ35 ኪሎ በላይ የሆነች አንዲት እናት ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ተመርምራ ወባ ተገኘባት እንበል። የተሰጣት 24 ኪኒን ነው። በፖስታው ላይ በእስክሪብቶ «ኳርተም 20/120፣ 4×2×3፣ ከምግብ ጋር» ተብሎ ተጽፏል። የመጀመሪያዎቹን አራት ኪኒኖች እዚያው በ10 ሰዓት ውጣ ቤቷ ገባች። ፎቶው ለልጇ የደረሰው በዚህ ሁኔታ ነው።

በመጀመሪያ ፎቶው ራሱ ምን ያህል እንደሚነበብ እንይ። የስትሪፑ ጀርባ የሚያብለጨልጭ ስለሆነ ፍላሽ ሲበራበት ጽሑፉ በነጭ ነጸብራቅ ይዋጣል፤ በመስኮት ብርሃን፣ ትንሽ ጋደም አድርጎ ማንሣት ይሻላል። የማብቂያ ቀኑ ብዙውን ጊዜ ጠርዙ ላይ ያለ ቀለም ተጨፍልቆ የሚታተም ስለሆነ ከፊት ለፊት በተነሣ ፎቶ አይታይም። ስትሪፑ ተቆርጦ ከተሰጠ ደግሞ ቀኑ ከተቆረጠው ወገን ቀርቶ ሊሆን ይችላል። በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ የተላከ ምስል ጥራቱ ይቀንሳል፤ በፋይል መልክ ሲላክ እንዳለ ይደርሳል። በጥራት ጉድለት ቶሎ የሚጠፋው ደግሞ ትንሹ ምልክት ነው፤ ነጥብ ወይም የማካፈል ሰረዝ። «20/120» ማለት በአንዱ ኪኒን ውስጥ የአንደኛው መድኃኒት 20፣ የሌላው 120 ሚሊግራም አለ ማለት ነው። የመዋጫ መጠን አይደለም። ሰረዙ ጠፍቶበት ቁጥሩን እንደ አንድ ያነበበ ሰው ሌላ መድኃኒት መስሎት ሊደናገር ይችላል። በፎቶው ላይ በእርግጥ ያልታየ ፊደል ወይም ቁጥር ካለ መገመት አያስፈልግም፤ እንደገና ይነሣ።

ጽሑፉ ጥርት ብሎ ተነበበ እንበል። አሁን «4×2×3» ይፈታል፤ አራት ኪኒን፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለሦስት ቀን። ስሌቱም ይገጥማል፤ አራት በሁለት ስምንት፣ ስምንት በሦስት 24፣ የተሰጣትም 24 ኪኒን ነው። ይህ ማመሳከሪያ ጠቃሚ ነው። የተሰጠው ኪኒን ብዛትና የተጻፈው ትእዛዝ ካልተገጣጠሙ አንዱ ተሳስቶ ተነብቧል ወይም ተጽፏል ማለት ነውና፣ አላርም ከመሞላቱ በፊት መጠየቅ ያለበት የመጀመሪያው ጉዳይ እሱ ነው። እስካሁን ያልነው ሁሉ ከፖስታው ላይ የተነበበ ወይም በቀላል ሒሳብ የተገኘ ነው። አንድም ሰዓት ግን አልተገኘም። ፖስታው ላይ ሰዓት የለም።

ልጅየው ግን አላርም ለመሙላት ሰዓት ይፈልጋል። «በቀን ሁለት ጊዜ» ሲል በሁላችንም አእምሮ የሚመጣው ጠዋት 2 ሰዓትና ማታ 2 ሰዓት ነው፤ ያንኑ ይሞላል። ምን እንደሚከተል እንቁጠር። እናቱ የመጀመሪያውን ዙር በ10 ሰዓት ወስዳለች። ሁለተኛውን ማክሰኞ ማታ 2 ሰዓት ብትወስድ በሁለቱ መካከል ያለው አራት ሰዓት ብቻ ነው። የለም፣ ማክሰኞ ማታን ዘሎ ከረቡዕ ጠዋት 2 ሰዓት ቢያስጀምራት ደግሞ 16 ሰዓት ሊያልፍ ነው። የመድኃኒቱ መመሪያ ግን ከሁለቱም የተለየ ነገር ይላል፤ ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው 8 ሰዓት ቆይቶ ይወሰዳል፣ ከዚያ በኋላ ነው ለሁለት ቀን ጠዋትና ማታ የሚሆነው። ይህ የስምንት ሰዓት ነገር በ«4×2×3» ውስጥ የለም፤ ሊኖርም አይችልም። አጭሩ አጻጻፍ ስድስቱን ዙር እኩል አድርጎ ነው የሚያሳየው፤ በእውነቱ ግን የመጀመሪያው ክፍተት ከሌሎቹ ያጠረ ነው።

እዚህ ላይ የቋንቋችን ጠባይ ሌላ ችግር ይጨምራል፤ የዛሬውን ንግግሬን ርእስ ያወጣሁትም ከዚህ ነው። መድኃኒቱን የሰጠው ባለሙያ ሳይረሳ «ሁለተኛውን ከ8 ሰዓት በኋላ ትወስጃለሽ» ብሏት ወይም በፖስታው ጀርባ ጽፎላት ይሆናል። «ከ8 ሰዓት በኋላ» በአማርኛ ሁለት ነገር ነው። ስምንት ሰዓት ያህል ጊዜ ካለፈ በኋላ ማለት ነው፤ ሰዓቱ ስምንት ካለ በኋላ ማለትም ነው። ሁለቱም ትክክለኛ አማርኛ ናቸው፣ ሰዋስውም አይለያቸውም። ሕክምናው ጠዋት 2 ሰዓት የተጀመረ ቢሆን ኖሮ ጥፋቱ ትንሽ በሆነ ነበር፤ በመጀመሪያው ፍቺ ሁለተኛው ዙር ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ይውላል፣ በሁለተኛው ፍቺ ደግሞ ስምንት ሰዓት እንዳለፈ፣ ማለትም ሁለት ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ። ስሕተቱ ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ የሚያልፈውም ለዚህ ይመስለኛል። የኛዋ እናት ግን የጀመረችው በ10 ሰዓት ነው፤ የማክሰኞ 8 ሰዓት አልፏል። ስለዚህ በሰዓት አቆጣጠር የተረጎመው ሰው የሚወስዳት ወደ ረቡዕ 8 ሰዓት ነው፤ ያ ደግሞ ከመጀመሪያው ዙር 22 ሰዓት በኋላ ነው። ፎቶውን ያነበበው ሰው አንድ ፊደል አልተሳሳተም፤ ወባው ግን መድኃኒት ሳያገኘው አንድ ሌሊትና ግማሽ ቀን ሊያገኝ ነው።

ትክክለኛው ስሌት ቀላል ነው፤ ከ10 ሰዓት ላይ ስምንት ሰዓት ሲጨመር ሌሊት 6 ሰዓት ይመጣል። ነገር ግን ስልኩ የኛን ሰዓት አያውቅም። ቀን የምንቆጥረው ከንጋት ስለሆነ፣ የኛ ሌሊት 6 ሰዓት በስልኩ 12:00 AM ነው፤ የኛ ቀን 6 ሰዓት ደግሞ 12:00 PM። ሁለቱን ፊደላት ያቀያየረ ሰው አላርሙን ከእኩለ ሌሊት ወደ እኩለ ቀን ያዞረዋል። ቀኑም ይለያያል። እኛ «ማክሰኞ ሌሊት» የምንለውን ስልኩ ረቡዕ ይለዋል፤ እኩለ ሌሊት ላይ ቀኑን ይቀይራልና። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ላይ ሆኖ «ማክሰኞ 12:00 AM» ብሎ የሞላ ሰው ያለፈ ሰዓት ነው የሞላው፤ አላርሙ በዚያ ሌሊት አይጮኽም። አባቶቻችን ለዚህ የሚሆን ጥሩ አነጋገር አላቸው፤ «ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ፣ ሌሊት 6 ሰዓት» ብሎ በወረቀቱ ላይ መጻፍ፣ አጠገቡ ስልኩ የሚያሳየውን 12:00 AM እንዳለ ማስፈር ነው። የሚሞላው ዘመድ ዋሽንግተን ሆኖ በራሱ ስልክ የሚያስታውሳት ከሆነ ደግሞ የሰባት ወይም የስምንት ሰዓት ልዩነት ይጨመራል፤ እንደ ወቅቱ አሜሪካኖች ሰዓታቸውን ስለሚያዞሩ ልዩነቱ ራሱ አንድ አይደለም። አላርሙ በታማሚዋ ስልክ ላይ ቢሞላ ይህኛው ችግር ይቀራል።

እንግዲህ እስከ ሁለተኛው ዙር ደርሰናል። ሦስተኛው ዙር መቼ ነው? እዚህ ነው ጠንቃቃ አንባቢ እንኳ ብቻውን ሊወስን የማይገባው። መድኃኒቱ በተጠናበት አቆጣጠር ዙሮቹ ከመጀመሪያው ጀምሮ በ8ኛው፣ በ24ኛው፣ በ36ኛው፣ በ48ኛውና በ60ኛው ሰዓት ላይ ይውላሉ። የአምራቹ መመሪያ ደግሞ ከሁለተኛው ዙር በኋላ «በሚቀጥሉት ሁለት ቀናት ጠዋትና ማታ» ይላል። ጠዋት 2 ሰዓት ለጀመረ ሰው ሁለቱ አንድ ናቸው፤ 24ኛው ሰዓት በማግስቱ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ይውላልና። በ10 ሰዓት ለጀመረችው እናት ግን ይለያያሉ። በሰዓት ከተቆጠረ ሦስተኛው ዙር ረቡዕ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ነው፤ «ጠዋትና ማታ» ከተባለ ረቡዕ ጠዋት ነው። ከሁለቱ የትኛው ይሁን፣ ወይስ ሰዓቱ ቀስ በቀስ ወደ ጠዋትና ማታ ይሳብ? ይህን የሚመልሰው ሕክምናውን የሚያውቅና ታማሚዋን የጠየቀ ባለሙያ ነው። በወረቀቱ ላይ በሦስተኛው ዙር አንጻር ባዶ ቦታ ይተዋል፤ አጠገቡ «ይጠየቅ» ተብሎ ይጻፋል።

«ከምግብ ጋር» የሚለውም ቃል እንዲሁ ነው። ሉሜፋንትሪን የተባለው ክፍል ወደ ደም በደንብ የሚገባው ቅባት ያለው ምግብ ሲያገኝ ነው፤ በባዶ ሆድ ከተዋጠ ብዙው ሳይጠቅም ያልፋል። ምግብ የተባለው ሆድን ከሕመም ለመጠበቅ ብቻ የመሰለው ሰው አንድ ቁራሽ ዳቦ ይበቃል ይላል። እናቲቱ ጾመኛ ከሆነች ደግሞ ረቡዕ የጾም ቀን ነው፤ ጠዋት አትቀምስም፣ ስትቀምስም ወተትና ቅቤ የለም። እንግዲህ የረቡዕ ጠዋት ዙር፣ ካለ፣ በምን ትውሰደው? በዘይት የተሠራ የጾም ወጥ፣ ኦቾሎኒ ወይም ሰሊጥ ቅባት አላቸው፤ በቂ መሆኑን ግን ፋርማሲስቱ ይናገር። በሽተኛ በመሆኗ ጾሙን ስለመተው ከንስሐ አባቷ ጋር መነጋገር የሷ ነው፤ የኛ ድርሻ ጥያቄው ቀድሞ፣ በማክሰኞ ምሽት፣ እንዲነሣ ማድረግ ነው። ለሌሊቱ ዙር የሚቀመስ ነገር አልጋዋ አጠገብ ተዘጋጅቶ ማደሩም በዚያው ይታሰባል። ከዋጠች በኋላ ብዙ ሳትቆይ ካስመለሳት ዙሩ ይደገም እንደሆነ፣ ከተደገመም የሚጎድሉትን አራት ኪኒኖች ከየት እንደምታገኝ ያኔውኑ መጠየቅ አለበት፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ መልስ የሚሰጥ ሰው ማግኘት ከባድ ነውና።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ በዝቷል፣ ሰው በቀን ሁለት ጊዜ ማለትን ያጣዋል ወይ የሚል ይኖራል። በፈረንጆቹ 2006 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ለዚህ መልስ አለው። 395 ታካሚዎች «ሁለት ኪኒን በቀን ሁለት ጊዜ» የሚል ጽሑፍ ቀረበላቸው። የማንበብ ችሎታቸው ዝቅተኛ ከሆኑት መካከል ከመቶ 70 የሚሆኑት ጽሑፉን በትክክል በቃላቸው አሉት። በቀን የሚዋጠውን ኪኒን ቁጠሩ ሲባሉ ግን አራት ኪኒን ያወጡት ከመቶ 35 ያህሉ ብቻ ናቸው። ትእዛዙን በትክክል መድገምና ትእዛዙን በትክክል መፈጸም የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው ማለት ነው። በ2011 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ለ464 ሰዎች ሰባት መድኃኒት ሰጥቶ የቀኑን መርሐ ግብር እንዲያወጡ ጠየቀ። ሁሉንም በአራት ጊዜ መውሰድ ይቻል ነበር፤ ሰዎቹ ግን በአማካይ ስድስት ጊዜ አደረጉት። ያነበቡት ጽሑፍ አንድ ዓይነት ነበር። የለያያቸው በጽሑፉ ላይ ያልነበረውን ሰዓት ከየራሳቸው መጨመራቸው ነው፤ የኔም ክርክር የቆመው በዚህ ላይ ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከመድኃኒት ቤት በኩል የሚነሣ ነው። ፋርማሲስቱ ከመስኮቱ ፊት ሰልፍ አለበት፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ ወረቀት ይዞ ቢመለስ ማን ይችለዋል? እውነት አለበት። ስለዚህ ምልክቱ መቆጠብ አለበት። ሁሉም ነገር «ይጠየቅ» ከተባለ ፋርማሲስቱ የትኛውንም አያይም፤ አላርም በየደቂቃው ሲጮኽ ጆሮ እንደሚደነቁረው ማለት ነው። መለኪያዬ አንድ ነው፤ መልሱ አንድን ሰዓት የሚቀይር ወይም አንድን ዙር የሚያስቀር ካልሆነ አይጠየቅ። የኪኒኑ ቀለም ከባለፈው ተለይቶ ከሆነ ጥያቄው ከሰዓት ጋር አይገናኝም፤ በሌላ ጊዜ ይጠየቅ። በኛ ምሳሌ የሚቀሩት ሦስት ጥያቄዎች ናቸው፤ እንዲህም ተጽፈው ይቀርባሉ፦ «የመጀመሪያውን ማክሰኞ በ10 ሰዓት ወስዳለች፤ ሁለተኛውን ለረቡዕ አጥቢያ ሌሊት 6 ሰዓት ብለናል፣ ልክ ነው? ሦስተኛው ረቡዕ ጠዋት ይሁን ወይስ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት? ረቡዕ ጾመኛ ናት፤ በዘይት የተሠራ ምግብ ይበቃል?» ለሦስቱ መልስ ለመስጠት የሚፈጀው ጊዜ ከአንድ ደቂቃ ብዙም አይዘልም። ሌሎች የምትወስዳቸው መድኃኒቶች ካሉ ስማቸው ከሥር ይጻፋል፤ ኳርተም ከአንዳንድ የልብና የኤችአይቪ መድኃኒቶች ጋር ሲገናኝ ፋርማሲስቱ ማወቅ አለበትና።

ሦስተኛውና ከባዱ ተቃውሞ መዘግየትን የሚመለከት ነው። መልስ ሲጠበቅ መድኃኒቱ ቢቆምስ? ወባ አይጠብቅም፤ ጥያቄ ተንጠልጥሎ ሕክምና መቆም የለበትም። ስለዚህ «ይጠየቅ» የሚለው ምልክት «ይቁም» ማለት አለመሆኑ በወረቀቱ አናት ላይ ይጻፍ። ፖስታው ላይ የተጻፈው ትእዛዝ እስኪታረም ድረስ ይሠራል። የሚጠየቀው የሰዓቱ አቀማመጥ ነው፤ ይህም የሚጠየቀው የመጀመሪያው ዙር ተውጦ ሁለተኛው ሳይደርስ ባለው ስምንት ሰዓት ውስጥ ነው። መድኃኒት ቤቱ የስልክ ቁጥሩን ፖስታው ላይ ካሰፈረ ፎቶው ውስጥ ይግባ። መድኃኒቱ የተሰጠው በጤና ኬላ ከሆነ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ትጠየቅ። ኢንተርኔት ላይ የአምራቹ መመሪያ አለ የሚል ሰውም አለ። አለ፤ ስምንቱን ሰዓት የምናውቀው ከዚያ ነው። መመሪያው ግን እናቲቱ በ10 ሰዓት እንደጀመረችና ረቡዕን እንደምትጾም አያውቅም።

ወረቀቱ ሲጠናቀቅ ምን እንደሚመስል ላሳይ። በእያንዳንዱ ዙር መስመር ላይ ቀኑ፣ የቀኑ ክፍል፣ የኛ ሰዓት፣ የስልኩ ሰዓትና የኪኒኑ ብዛት አለ፤ በመጨረሻው ዓምድ ደግሞ ሰዓቱ ከየት እንደመጣ ይጻፋል። የመጀመሪያው ዙር «ተወስዷል» ነው። የሁለተኛው «ስሌት፣ 10 ሲደመር 8» ነው። ሦስተኛው «ይጠየቅ» ነው፤ አራተኛው፣ አምስተኛውና ስድስተኛው በሦስተኛው ላይ ስለሚመሠረቱ መልሱ እስኪመጣ ባዶ ይሆናሉ። ፋርማሲስቱ ሲመልስ «ይጠየቅ» የሚለው ተሰርዞ የመለሰበት ቀንና ሰዓት ይሰፍራል፤ የነዚህ ዙሮች አላርም የሚሞላውም ያኔ ነው። ከሥር የመጀመሪያው ፎቶ ተያይዞ ይቀመጣል፤ ከሳምንት በኋላ ትኩሳቱ ቢመለስ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው ምን እንደወሰደችና መቼ መቼ እንደወሰደች ነውና።

የዛሬ አድማጮቼን የምለምነው አንድ ነገር ነው። የምታዘጋጁትን ወረቀት ለታማሚው ከመስጠታችሁ በፊት «ከ8 ሰዓት በኋላ»፣ «በየ8 ሰዓቱ»፣ «በ6 ሰዓት» የሚሉትን ቃላት ፈልጋችሁ አውጡና በቦታቸው ቀኑንና የቀኑን ክፍል ጻፉ። ስድስተኛው ዙር ከተዋጠ በኋላም ስትሪፑን አንድ ጊዜ ፎቶ አንሡ። ባዶ መሆን አለበት፤ አራት ኪኒን ከቀረ አንድ ዙር ተዘሏል ማለት ነውና በዚያው ሰዓት ለፋርማሲስቱ ይደወል።